ያዘዝነው ሌላ፣ የደረሰን ሌላ፦ ከግዢ ትዕዛዙ የተለየ ጨርቅ ሲመጣ

ጥያቄ፦ «ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። ለሁለት ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ሱሪ ለመስፋት አዲስ አበባ ካለ አቅራቢ 60 ጣቃ፣ በድምሩ 3,000 ሜትር፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በሜትር 280 ብር ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት አዘዝኩ። የግዢ ትዕዛዜ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ፣ ክብደቱ 210 ግራም በካሬ ሜትር፣ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ሲደርስ የመጋዘን ሠራተኛዬ የመላኪያ ሰነዱ ላይ ‹በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ› ብሎ ፈረመ። አራት ጣቃ ከቆረጥን በኋላ ሳሳ አለብን፤ ስንለካው ወርዱ ጠርዙን ጨምሮ 145 ነው። አቅራቢው ስደውልለት ‹ያው ጨርቅ ነው፣ ፈርማችሁ ወስዳችኋል› ይለኛል። 70 በመቶ ከፍያለሁ፤ ለቀሪው የነሐሴ 20 ቀን ቼክ ሰጥቼዋለሁ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መቀሱን ያስቁሙ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጣቃ እንኳ አይቆረጥ። ጉድለቱን ካወቁ በኋላ የሚቆርጡት እያንዳንዱ ሜትር «ወዳው ተጠቅማበታለች» ለሚለው ክርክር ማስረጃ ይሆናል። ያልተነኩትን 56 ጣቃዎች ለብቻ ያስቀምጡ፤ የክረምት እርጥበት እንዳያገኛቸው ከወለሉ ከፍ ይበሉ፤ መጠቅለያቸውና መለያ ወረቀታቸው ይጠበቅ። የተቆረጡት የአራቱ ጣቃዎች መጠቅለያም ከቆሻሻ ጋር ከተጣለ ፈልጋችሁ አውጡት። ጨርቁ የዚያ አቅራቢ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነውና።

ፊርማው ያሳሰበዎት ይመስለኛል፤ ነገር ግን አቅራቢው እንደሚለው አይደለም። የመጋዘን ሠራተኛዎ ፊርማ የሚያረጋግጠው 60 ጣቃ መግባቱን፣ መጠቅለያው አለመቀደዱንና ጨርቁ አለመርጠቡን ነው። 210 ግራም የሚለውን በዓይኑ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ማንም አይችልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ገዢው ደግሞ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ ወዲያው መመርመርና ልዩነት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ማን ፈረመ ሳይሆን መቼ አወቁ፣ መቼስ በጽሑፍ አሳወቁ የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ስስ ቦታ አለ። ክብደት በዓይን ስለማይታይ ከቆረጡ በኋላ ማወቅዎ ተቀባይነት አለው። ወርድ ግን በሜትር መለኪያ መኪናው ቆሞ ሳለ ሊለካ የሚችል ነገር ነው፤ በወርዱ ላይ የሚዘገዩት እያንዳንዱ ቀን ይጎዳዎታል። የስልክ ጥሪዎ መልካም ጅምር ቢሆንም አቅራቢው ነገ «አልተደወለልኝም» ቢል የሚያሳዩት ወረቀት የለዎትም።

የመላኪያ ሰነዱንና የሽያጭ ደረሰኙን አውጥተው የዕቃውን መግለጫ ያንብቡ። «የሱሪ ጨርቅ፣ 3,000 ሜትር» ብቻ ከተባለ ዝርዝሩን የሚወስነው የግዢ ትዕዛዝዎ ነው፤ አቅራቢው ትዕዛዙን ማኅተም አድርጎ ከመለሰው ወይም በትዕዛዙ ቁጥር ቅድሚያ ክፍያ ከተቀበለ ደግሞ ይበልጥ ይጠናከራል። የመላኪያ ሰነዱ ላይ «ወርድ 145» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ «ይህንኑ አይታችሁ ፈርማችኋል» ይላል። መልስዎ የመጋዘን ሠራተኛ ዕቃ ይረከባል እንጂ ውል አይለውጥም የሚል ይሁን። የግዢ ትዕዛዙን የፈረመው ሌላ፣ የመላኪያ ሰነዱን የፈረመው ሌላ ሰው መሆኑም ይህንን ያግዝዎታል።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። «ሳሳ ብሎብናል» የሚለው ቃል ማንንም አያስገድድም፤ ቁጥር ያስፈልግዎታል። ካልተቆረጡት ጣቃዎች አምስቱን ያለምርጫ ያውጡ። ከእያንዳንዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ሜትር ያህል ትተው፣ ከጠርዙም ራቅ ብለው፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በካርቶን ልክ በስለት ይቁረጡ። ቁራጩ የአንድ ካሬ ሜትር መቶኛ ስለሆነ በግራም የሚመዝነውን በ100 ሲያበዙ የካሬ ሜትሩን ክብደት ያገኛሉ። ያዘዙት ጨርቅ 2.10 ግራም መመዘን አለበት። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ የግራምን መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች አንዱን ቢያስፈቅዱ ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። አምስቱንም ቁራጮች ለየብቻ ይመዝኑ፤ የጣቃውን ቁጥር በእያንዳንዱ ላይ ጽፈው በፖስታ ያሽጉ፤ የሚዛኑን መስኮትና ቁራጩን አንድ ላይ ፎቶ ያንሱ።

ለስሌቱ እንዲመቸን አማካዩ 1.86 ግራም፣ ማለትም 186 ግራም በካሬ ሜትር ወጣ እንበል። በጨርቅ ንግድ ብዙ ጊዜ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ የክብደት ልዩነት በቸልታ ይታለፋል። ከ210 ላይ 5 በመቶ ሲቀነስ 199.5 ይሆናል፤ 186 ከዚያ በታች ነው። ጉድለቱ ከ11 በመቶ ያልፋል። በተቃራኒው 202 ወይም 203 ከወጣልዎ የክብደቱን ነገር ትተው በወርዱ ላይ ብቻ እንዲከራከሩ እመክርዎታለሁ፤ ደካማው ጥያቄ ጠንካራውንም ይዞ ይወድቃልና።

አቅራቢው «ጨርቁ ደርቆ ነው» ሊልዎ ይችላል። ይህ አያስኬደውም። ፖሊስተር እርጥበት የሚይዘው ከግማሽ በመቶ በታች ነው፤ ጥጥ በመደበኛ የላቦራቶሪ አየር 8 በመቶ ተኩል ገደማ ይይዛል። በ65 በ35 ድብልቅ ውስጥ ጠቅላላው እርጥበት 3 በመቶ ገደማ ነው። ጨርቁ እስከ መጨረሻው ቢደርቅ እንኳ 11 በመቶ ሊያጣ አይችልም። እንዲያውም በሐምሌና በነሐሴ የደሴ አየር እርጥብ ስለሆነ ጨርቁን ከመደበኛው ትንሽ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

ሌላ ሊያምታታ የሚችል ነገር አለ። አንዳንድ ሻጮች ክብደት የሚናገሩት በካሬ ሜትር ሳይሆን በተራ ሜትር፣ ማለትም በሙሉ ወርዱ በሚቆረጠው አንድ ሜትር ነው። ወርዱ 150 የሆነ ባለ 210 ግራም ጨርቅ በተራ ሜትር 315 ግራም ይመዝናል። የእርስዎ ትዕዛዝ «በካሬ ሜትር» ብሎ በግልጽ ስለጻፈ መውጫ የለውም፤ ነገር ግን ውይይቱ ላይ 270 ወይም 280 የሚል ቁጥር ሲወረወር ግራ እንዳይጋቡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ናሙናው ነው። ከማዘዝዎ በፊት አቅራቢው ከፕሮፎርማው ጋር ቁራጭ ጨርቅ ሰጥቶዎት ከሆነ እሱንም ይመዝኑት፤ ይህንንም ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት ያድርጉት። ናሙናው 210 አካባቢ ከሆነ እጅዎ ላይ ከማንኛውም ምስክር የሚበልጥ ማስረጃ አለ። ናሙናው ራሱ 187 ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አቅራቢው «አይታ፣ ዳስሳ የመረጠችውን ላክሁ» ሊል ነው። ያን ጊዜ በጽሑፍ ያለው ዝርዝር ይበልጣል ብለው መከራከር ቢችሉም ክርክሩ እንደ መጀመሪያው ቀላል አይሆንም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብሆን ዋና ጥያቄዬን በወርዱ ላይ አድርጌ ስለ ክብደቱ ለድርድር እዘጋጃለሁ።

ወርዱን ሲለኩ ጨርቁን ከጣቃው ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ሳይወጥሩ ዘርግተው ለጥቂት ሰዓታት ያሳርፉት፤ ተጠቅልሎ ሳለ የተወጠረ ጨርቅ ሲፈታ ይሰበሰባል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን አንድ ጊዜ፣ ለቅድ የሚያገለግለውን የውስጡን ደግሞ ሌላ ጊዜ ይመዝግቡ። ትዕዛዝዎ «ወርድ 150» ሲል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልለየም፤ ነገር ግን ጠርዙ ተደምሮ እንኳ 150 ስላልሞላ በየትኛውም አተረጓጎም ጎዶሎ ነው።

ልኬቱ እንዳለቀ ደብዳቤው በዚያው ቀን ይውጣ። ሕጉ ማስታወቂያው የልዩነቱን ዓይነት ለይቶ እንዲገልጽና ሻጩ መጥቶ እንዲያይ እንዲጋብዝ ስለሚፈልግ ሁለቱም በደብዳቤው ውስጥ መኖር አለባቸው። ስድብና ክስ አያስገቡበት። «አጭበርብረውናል» የሚለው ቃል ካለ አቅራቢው ስሙን ለማጽዳት ይሟገታል፤ ቁጥር ብቻ ካለ ግን ስለ ቁጥሩ መልስ መስጠት ግዴታው ይሆናል። እኔ እንዲህ ብዬ እጽፈው ነበር፦

«ጉዳዩ፦ በግዢ ትዕዛዝ ቁጥር … የቀረበው ጨርቅ ከትዕዛዙ የተለየ ስለመሆኑ። በተጠቀሰው ትዕዛዝ መሠረት ቅዳሜ … ቀን 60 ጣቃ ጨርቅ ደርሶናል። ሥራ ጀምረን ስንመረምረው ወርዱ በትዕዛዙ 150 ሴ.ሜ ሆኖ ሳለ የደረሰን ጠርዙን ጨምሮ 145 ሴ.ሜ፣ ክብደቱም በትዕዛዙ 210 ሆኖ ሳለ ከአምስት ጣቃዎች በተወሰደ ልኬት በአማካይ 186 ግራም በካሬ ሜትር መሆኑን አረጋግጠናል። የልኬት ዝርዝሩና ፎቶው ተያይዟል። ልዩነቱ ከመታወቁ በፊት ከተቆረጡት 4 ጣቃዎች በስተቀር 56ቱ ለልኬት ከተወሰደው ቁራጭ በቀር ሳይነኩ ተጠብቀው ይገኛሉ። ተወካያችሁ እስከ … ቀን ድረስ ደሴ ተገኝቶ በጋራ እንዲለካ እንጋብዛለን። 56ቱ ጣቃዎች በትዕዛዙ ልክ እስከ … ቀን በእናንተ ወጪ እንዲተኩልንና ለ4ቱ ተመጣጣኝ የዋጋ ቅናሽ እንዲደረግልን እንጠይቃለን። ይህ እስኪፈጸም ቀሪው ክፍያ እንዳይሰበሰብ እየጠየቅን፣ በሕግ ያለንን መብት ሁሉ እንደጠበቅን ነው።»

ደብዳቤው ማኅተም ኖሮት በሰው እጅ ይሂድ፤ የአቅራቢው ሠራተኛ ግልባጩ ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያስፍር። አልቀበልም ካለ በፖስታ በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። ፎቶውን በቴሌግራም መላክም አይከፋም፤ ሁልጊዜ የምትነጋገሩበት መስመር ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግብልዎታል። ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ስለሆነ የፊርማው ቀን ለእርስዎ ገንዘብ ነው።

አሁን ቼኩ። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ሲሰናከል አይቻለሁ፤ ስለዚህ በጥሞና ያንብቡልኝ። በንዴት ሒሳቡን ባዶ አድርገው «ይምጣና ያግኘው» እንዳይሉ። ያለ በቂ ስንቅ ቼክ ማውጣት በወንጀል ያስጠይቃል፤ የጨርቁ ክርክር የሲቪል ጉዳይ ሆኖ ሳለ እርስዎ ፖሊስ ጣቢያ ተጠሪ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ የሚደራደሩት ስለ ወርድ ሳይሆን ስለ ክስ መነሳት ነው። ደግሞም ቼክ ላይ የተጻፈው የወደፊት ቀን አይጠብቅዎትም፤ ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ስለሆነ አቅራቢው ነገ ባንክ ሊወስደው ይችላል። ጠቅላላው ዋጋ ከታክሱ ጋር 966,000 ብር ሲሆን ቀሪው 30 በመቶ 289,800 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ሒሳብዎ ውስጥ ይኑር። በደብዳቤው ቼኩ እንዲቆይ ይጠይቁ፤ ስምምነት ሲደረስ ደግሞ በተስተካከለው መጠን በተጻፈ አዲስ ቼክ ይቀየርና አሮጌው በእጅዎ ይመለስ። ሰውየው ቼኩን ቢመነዝረው እንኳ ጥያቄዎ አይሞትም፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ረጅሙን መንገድ ይሄዳሉ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቁ ይወስኑ። መልሱ ያለው ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ ነው። ከእነሱ ጋር የተዋዋሉት በ210 ግራም ከሆነ ወይም ያጸደቁት ናሙና ወፍራሙ ከሆነ ቅናሽ አይረዳዎትም፤ የሳሳው ሱሪ መስከረም ላይ ወደ እርስዎ ተመልሶ ይመጣል። መተካት ብቻ ነው መፍትሔው። ትምህርት ቤቶቹ ይህን ጨርቅ አይተው በጽሑፍ ከተስማሙ ግን ጊዜው ስለጠበበ የዋጋ ቅናሽ የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ስሌቱን በትክክል ማቅረብ አለብዎት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወርዱ ላይ ነው። ከ150 ወደ 145 የጎደለው 3.3 በመቶ ነውና 3.3 በመቶ ቅናሽ ይጠይቃል። ቅድ ግን እንዲህ አይሠራም። በ150 ላይ ጎን ለጎን ይገቡ የነበሩ የሱሪ ክፍሎች በ145 ላይ አይገቡም፤ ክፍሎቹ ወደ ርዝመቱ ይገፋሉ፣ ቁርጥራጩም ይበዛል። ስለዚህ ቅድ የሚያወጣው ሠራተኛዎ በሁለቱም ወርድ የቅድ አቀማመጡን ሠርቶ ለአንድ ሱሪ የሚያስፈልገውን ሜትር ይጻፍ። ለምሳሌ በ150 ወርድ 1.20 ሜትር ይበቃ የነበረው በ145 ወርድ 1.28 ሜትር ከወሰደ፣ ከ3,000 ሜትር ያገኙት የነበረው 2,500 ሱሪ ወደ 2,343 ይወርዳል። የጨርቁ ዋጋም በዚያው ልክ በ1.20 ተባዝቶ ለ1.28 ሲካፈል 280 የነበረው 262.50 ብር ይሆናል። ጉዳትዎ በሜትር 17.50 ብር ነው፤ 6 በመቶ ከሩብ ማለት ነው።

የክብደቱ በመቶኛ አይሰላም፤ የሳሳ ጨርቅ የራሱ የገበያ ዋጋ አለው። ከሌሎች ሻጮች፣ ቢቻል ከሁለት፣ ለ185 ግራም ተመሳሳይ ጨርቅ ፕሮፎርማ ይውሰዱ። 250 ብር ነው ቢሉዎት መነሻው 250 ይሆናል፤ የወርዱን ጉድለት ሲያስገቡበት 234.37 ብር ገደማ ይመጣል። ከ280 ጋር ያለው ልዩነት በሜትር 45.62 ነው። ለ3,000 ሜትር 136,875 ብር፣ 15 በመቶ ታክሱ ሲጨመር 157,406 ብር ገደማ ይደርሳል። ይህ ከቀሪው ክፍያ ውስጥ ሊቀነስ የሚችል ስለሆነ አቅራቢው ካዝናውን ሳይከፍት ሊስማማበት ይችላል። ለድርድር ትልቅ ጉልበት የሚሰጥዎትም ይኸው ነው።

ቅናሹ ሲስማማ የመጀመሪያው ደረሰኝ በሙሉ ዋጋ እንደተቆረጠ እንዳይቀር። አቅራቢው ለተቀነሰው መጠን ክሬዲት ኖት መስጠት አለበት፤ አለበለዚያ እርስዎ ያልከፈሉትን ታክስ እንደከፈሉ አድርገው ያቀናንሳሉ፣ ምርመራ ሲመጣም የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

አቅራቢው ልኬቱን ከካደ ገለልተኛ ምርመራ ይጠይቁ። አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ጨርቃ ጨርቅ ይመረምራል፤ ለእናንተ በቅርብ ደግሞ ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ክፍል ስላለው ቀርበው ይጠይቁ። ናሙናው ሲወሰድ የአቅራቢው ተወካይ ይገኝ ወይም መጋበዙን የሚያሳይ ወረቀት ይኑርዎት፤ እርስዎ ብቻዎን ቆርጠው የላኩት ቁራጭ ከየትኛው ጣቃ እንደወጣ ሊያከራክር ይችላል። ሁለታችሁንም የሚያውቅ ነጋዴ ሽማግሌ ካለ በመሃል ማስገባቱ ከችሎት ይፈጥናል፤ ብቻ የተስማማችሁበት በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ቀንና መጠን ኖሮት፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት ይውጣ። አቅራቢው በሰጡት ቀን ውስጥ ጨርሶ ካልመለሰ ለክሱም ሆነ ውሉን አፍርሰው ከሌላ ለመግዛት ጠበቃ ያማክሩ። ከሌላ ሲገዙ የዋጋ ልዩነቱን በኪሳራ መጠየቅ እንዲችሉ ደረሰኙን ይጠብቁ፤ ነገር ግን ማስታወቂያ ሳይሰጡና ጊዜ ሳይወስኑ አይግዙ።

መተካቱ ከተፈቀደ የመጨረሻው ጥንቃቄ ቀለሙ ላይ ነው። አዲሱ ጨርቅ ከሌላ የማቅለሚያ ዙር ስለሚመጣ ጥቁር ሰማያዊው ከቆረጡት 200 ሜትር ጋር ላይገጥም ይችላል። ከተቆረጠው የሚሰፋው ሱሪ ለአንዱ ትምህርት ቤት ብቻ፣ ቢቻል ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ይመደብ፤ የአንዱ ሱሪ ፊትና ኋላ ከሁለት ዙር እንዳይሰፋ ቁርጥራጮቹ ላይ ምልክት ይደረግ። አዲሶቹ ጣቃዎች ደሴ ከመድረሳቸው በፊት ደግሞ የሚያምኑት ሰው አዲስ አበባ ላይ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ከሦስት ጣቃ ቁራጭ ወስዶ ይመዝን፣ ወርዱንም ይለካ። ዕቃው ሲደርስም የመጋዘን ሠራተኛዎ በመላኪያ ሰነዱ ላይ «በቁጥር ብቻ ተረክቤያለሁ፤ ወርድ፣ ክብደትና ቀለም አልተመረመረም» ብሎ ይፈርም።